«ጎረቤቱ ካላስቆማቸው ገብቶ መምታት መብት ነው» እና ሌሎች ደጋግመን የምንሰማቸው ስህተቶች

«ታጣቂዎቹ ከጎረቤት አገር ተነስተው ከመቱን፣ ያ መንግሥት ደግሞ ካላስቆማቸው፣ ገብተን መምታት ሕጋዊ መብታችን ነው። ያለቀ ነገር ነው።»

በፍጹም አላለቀም። ይህን አባባል እዚህ ቱሉ ዲምቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ወደ ቤቴ በሚወስደኝ ታክሲ ውስጥም ሰምቼዋለሁ። በጣም የሚያበሳጨኝ ግን ዓለም አቀፍ ሕግ የማስተምራቸው ልጆች በየዓመቱ የፈተና ወረቀታቸው ላይ እንደ ቀኖና ሲጽፉት ነው። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ቢለው ይገባኛል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ክርክሩን የሰማ ተማሪ ግን እንዲህ መጻፍ የለበትም።

ከጽሑፉ እንጀምር። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(4) ኃይል መጠቀምን ይከለክላል። አንቀጽ 51 ደግሞ የታጠቀ ጥቃት የደረሰበት አገር ራሱን የመከላከል መብት እንዳለው ይናገራል። «ጎረቤትህ ታጣቂዎቹን ለማስቆም ፈቃደኛ ካልሆነ ወይም ካልቻለ» የሚል ቃል ሁለቱም ውስጥ የለም። ይህ መመዘኛ የመጣው ከመንግሥታት ደብዳቤዎችና ከምሁራን ጽሑፎች ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው መንግሥታት በበቂ ቁጥር «ሕጉ ይህ ነው» ብለው ተቀብለውታል ወይ ነው።

አሽሊ ዲክስ የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር በ2012 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው) መመዘኛውን መልክ ለማስያዝ ሞክረዋል። የተጠቃው አገር መጀመሪያ የባለ አገሩን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ካልሆነ ራሱ እርምጃ እንዲወስድ ይጠይቀውና ጊዜ ይስጠው፤ ባለ አገሩ ያን አካባቢ ምን ያህል እንደሚቆጣጠርና ምን አቅም እንዳለው ይመዝን፤ ያቀረበውን መፍትሔም ይመርምር ይላሉ። ልብ በሉ፣ ደጋፊ የሚባሉት እኚሁ ምሁር ራሳቸው፣ መንግሥታት ይህን የሚከተሉት ሕግ ያስገድደናል ብለው ስለመሆኑ ግልጽ ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የቀድሞው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ዳንኤል ቤትለሄም ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው መርሆዎች አወጡ። ከወዲያኛው ወገን ደግሞ የብራሰልሱ ኦሊቪዬ ኮርተን አሉ። እሳቸው የሚሉት፣ ጥቂት ኃያላን ደብዳቤ ስለጻፉ የሌላው ዓለም ዝምታ እንደ ስምምነት አይቆጠርም ነው። ዝምታው ከፍርሃትም፣ ከወዳጅነትም፣ ጉዳዩ አይመለከተኝም ከማለትም ሊመጣ ይችላል።

እነዚያ ደብዳቤዎች ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። አሜሪካ መስከረም 23 ቀን 2014 ሶሪያ ውስጥ አይሲስን ስትመታ ለተመድ በጻፈችው ደብዳቤ «ፈቃደኛ ያልሆነ ወይም ያልቻለ» የሚለውን በግልጽ ተጠቀመች። በቀጣዩ ዓመት ቱርክ፣ ካናዳና አውስትራሊያ በዚያው መንገድ ሄዱ። ጀርመን በታኅሣሥ 2015፣ ቤልጅየም በ2016 የጻፉት ግን ሌላ ነው። እነሱ ያሉት፣ አይሲስ የያዘው መሬት ላይ የሶሪያ መንግሥት ቁጥጥር የለውም ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእነ ጀርመንን ሐሳብ ከተከተልን በሩ የሚከፈተው መንግሥት በሌለበት መሬት ላይ ብቻ ነው። የአሜሪካንን ከተከተልን ግን መንግሥት ተቀምጦ እያለም «አልቻልክም» ብሎ መግባት ይመጣል። «አልቻለም» ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ራሱ ሊገባ የተዘጋጀው አገር ነው።

አንድ ጎረቤቴ «የጎረቤት ውሻ ከነከሰህና ባለቤቱ ካላሰረው ግቢው ገብተህ ትመታዋለህ» ይለኛል። ግቢው ውስጥ የማይመለከታቸው ልጆች አሉ፣ ጋሼ። ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን አፍሪካዊውን ጉዳይ እንይ፣ ምክንያቱም ከሶሪያ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው። ኤዲኤፍ የሚባለው የኡጋንዳ አማፂ ቡድን ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ በሩዌንዞሪ ተራሮች አካባቢ መሽጎ ድንበር እያቋረጠ ይመታ ነበር። ሰኔ 1998 ኪችዋምባ በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ላይ ባደረሰው ጥቃት ተማሪዎች ተገድለዋል፣ ታፍነው ተወስደዋል። የኡጋንዳ ወታደሮች በዚያን ጊዜ በፕሬዚዳንት ሎረን ካቢላ ፈቃድ ኮንጎ ውስጥ ነበሩ፤ በሚያዝያ 1998 የድንበሩን ጸጥታ አብሮ ለመጠበቅ የተፈረመ ስምምነትም ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ፈቃዱ ተነሳ። ኡጋንዳ አልወጣችም። እንዲያውም ገፍታ ኪሳንጋኒን የመሳሰሉ፣ ከድንበሯ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚርቁ ከተሞችና አውሮፕላን ማረፊያዎችን ያዘች። ስትጠየቅ ራሴን እየተከላከልኩ ነው አለች።

ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2005 ፈረደ። ጥቃቶቹ ደርሰዋል፣ ግን የኮንጎ መንግሥት እጅ እንዳለበት አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ኡጋንዳ በኮንጎ ላይ ራስን የመከላከል መብት ልትጠቅስ አትችልም አለ። ኡጋንዳ ለጸጥታው ምክር ቤት አለማሳወቋንም መዘገበ። እነዚያን ሩቅ ቦታዎች መያዝ ድንበር ላይ ከደረሱት ጥቃቶች ጋር እንደማይመጣጠንም ጨመረ። በ2022 ኡጋንዳ 325 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ።

ታዲያ ተማሪዎቼ ይህን አንብበው «ፍርድ ቤቱ በታጣቂዎች ላይ ራስን መከላከል አይቻልም አለ» ይሉኛል። እንዲህ አላለም። ትልቅ ጥቃት በሚያደርሱ መደበኛ ያልሆኑ ኃይሎች ላይ መብቱ አለ ወይስ የለም የሚለውን እዚህ መመለስ አያስፈልገኝም ብሎ ነው ያለፈው። ዳኛ ኮይማንስና ዳኛ ሲማ በዚህ ቅር ተሰኝተው ለየብቻቸው ጻፉ። ኮይማንስ፣ ከኋላ መንግሥት ስለሌለ ብቻ ለተጠቃ አገር መብቱን መንፈግ ምክንያታዊ አይደለም፣ ቻርተሩም ይህን አይጠይቅም ብለዋል።

ብዙ ሰው የማያነበው ሌላ ክፍል ደግሞ አለ። ኡጋንዳ በበኩሏ ኮንጎ፣ ያኔ ዛየር፣ አማፂያኑን በዝምታ አስተናግዳለች ብላ ከሳ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ቦታው ተራራማና ከማዕከል የራቀ ነው፤ እርምጃ አለመውሰድ ሁሉ ማስተናገድ አይደለም አለ። እንግዲህ አቅም ያጣ መንግሥት ግዴታውን ሳይጥስም ታጣቂ ግዛቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ፈቃደኛ ያልሆነው መንግሥት ቢያንስ አንድ ጥፋት አለበት። ያልቻለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድሃ አገር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ጥፋት ሳይኖርበት ቦምብ የሚወርድበት እሱ ነው። ሁለቱን በ«ወይም» አያይዞ በአንድ ትንፋሽ የሚያልፍ ተማሪ ከእኔ ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

«ራስን መከላከል መንግሥት ሲመታህ ብቻ ነው። ሽፍታ ከሆነ የፖሊስ ሥራ ነው።»

ይህ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ነው። አንቀጽ 51 ጥቃቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ሁሉም የሚጠቅሰው የካሮላይን ጉዳይ ራሱ የታጣቂ ጉዳይ ነው፦ በ1837 የእንግሊዝ ኃይሎች ከካናዳ ተነስተው፣ አማፂያንን ታግዝ የነበረችን መርከብ አሜሪካ ግዛት ውስጥ አቃጠሉ። ከመስከረም 11 ጥቃት ማግስት የወጣው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1368ም ራስን የመከላከል መብትን ሲጠቅስ አጥቂው መንግሥት ነው አላለም። የአፍሪካ ኅብረት የ2005 የጋራ መከላከያ ስምምነት ደግሞ መንግሥታዊ ያልሆኑ ኃይሎችን በወረራ ትርጉም ውስጥ በስም አስገብቷል። ፍርድ ቤቱ በ2004 እስራኤል በፍልስጤም ግዛት ስለሠራችው ግንብ በሰጠው አስተያየት መብቱን አንድ መንግሥት በሌላው ላይ ከሚያደርሰው ጥቃት ጋር አያይዞታል፤ እዚያው ዳኛ ሂጊንስ ተቃውመውታል። ቡድኑን መምታት ይቻላል ማለት ግን የባለ አገሩን ጦር መምታት ወይም ከተማ መያዝ ይቻላል ማለት አይደለም።

«መሣሪያ የሰጠ እንደመታ ይቆጠራል።»

አይቆጠርም። በ1986 በኒካራጓ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ መሣሪያ ማቀበል ብቻውን የታጠቀ ጥቃት አይደለም ብሏል፤ ሕገ ወጥ መሆኑ ግን አይቀርም።

«ደም ከፈሰሰ መቼም ሄደን እንመልሳለን።»

ያ በቀል ነው። ቻርተሩ አይፈቅደውም።

«ለጸጥታው ምክር ቤት ደብዳቤ መጻፍ ለወግ ነው።»

አንቀጽ 51 ወዲያውኑ አሳውቁ ይላል። አለማሳወቅ ብቻውን መብቱን ባያጠፋም፣ አገሪቱ ያኔ ራሷ ራሴን እየተከላከልኩ ነው ብላ ታምን እንደነበር መመዘኛ ይሆናል። አንድ ዘመቻ ስትሰሙ መጀመሪያ ያን ደብዳቤ ፈልጉ። ምን ጥቃት፣ መቼ፣ በማን የሚለውን ካልጻፈ ተጠራጠሩ።

«እኛ በ1999 ዓ.ም. ሶማሊያ የገባነው በዚሁ ሕግ ነው።»

ይህን የሚለኝ ጡረታ የወጣ ሻምበል ጎረቤቴ ነው፤ ዘማች ስለነበረ ማንም አይከራከረውም። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፦ ባይደዋ ላይ ማን ነበር? «የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ነበራ፣ ጠርቶን እኮ ነው» አለኝ። ያው ነው፣ ሻምበል። የኢትዮጵያ መንግሥት ራስን መከላከልን ጠቅሷል፣ የሽግግር መንግሥቱን ጥሪም ጠቅሷል። ጥሪ ካለ ጎረቤቱ ቻለ አልቻለ የሚለው መመዘኛ አያስፈልግም። ኬንያም በ2011 አልሸባብን ልትወጋ ስትገባ የሶማሊያን ስምምነት ጠቅሳለች። ጥሪ ግን የራሱ ጣጣ አለው፦ የጠራው መንግሥት በእርግጥ መንግሥት ነው ወይ ይባላል፣ ጠሪው ውጡ ሲልም መውጣት ግድ ነው። ኡጋንዳ ነሐሴ 1998 ላይ የተሳሳተችው እዚህ ጋ ነው።