የጣና ዳር ቆሎ፦ ገብስ፣ ሽምብራና ለውዝ በብረት ምጣድ

ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው እጁ ላይ የያዘውን ልብ ብሎ አያይም። ቢያይ ገብሱ ይበዛል፣ ሽምብራው መሃል መሃል ላይ ጣል ጣል ብሏል፣ ለውዙ ደግሞ እንደ ሻጯ ቸርነት ነው። ሁሉም አንድ ላይ የተቆላ ይመስላል። ግን አይደለም። ሦስቱም ለየብቻ ተቆልተው መጨረሻ ላይ ነው የሚቀላቀሉት፤ ምክንያቱም የሚፈልጉት እሳት አይገናኝም። አንድ ላይ ምጣድ ላይ ብትጥላቸው ለውዙ ያራል፣ ሽምብራው ግን ገና ጥሬ ነው።

የሚመጡበትም ቦታ ይለያያል። ገብስ የደጋ እህል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ገብሱ የሚወርደው እንደ ጉና ካሉ ከፍ ካሉ አገሮች ነው። ሽምብራ ግን የሐይቁ ዙሪያ ሰብል ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ጥቁር አፈር ላይ ተዘርቶ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል። ለውዝ ደግሞ የቆላ ነው (የሚቆላም፣ የቆላም ማለት ነው)።

ከሦስቱ ብዙ ጥበብ የሚጠይቀው ገብሱ ነውና እሱን ረጋ ብለን እንየው።

ለቆሎ የሚመረጠው ገብስ ፍሬው ሞላ ያለና ገለባው በቀላሉ የሚለቅ ነው። «ሰነፍ ቆሎ» የሚባል የገብስ ዓይነት አለ፤ ብዙ መውቀጥ ስለማይፈልግ ለሰነፍም ይሆናል ለማለት ነው። ሌላው ገብስ ግን መጀመሪያ ይፈተጋል። ትንሽ ውሃ ይርከፈከፍበትና ሙቀጫ ውስጥ በዘነዘና ቀስ እያሉ ይመቱታል። ዓላማው ፍሬውን መስበር ሳይሆን ልብሱን ማውለቅ ነው። ከዚያ ይበጠርና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አንዳንድ እናቶች መጀመሪያ ምጣድ ላይ አመስ ያደርጉትና ከዚያ ይፈትጉታል፤ ገለባው ሲደርቅ ቶሎ ስለሚላቀቅ ነው። ከተፈተገ በኋላ በደንብ ሳይደርቅ ምጣድ ላይ የወጣ ገብስ ግን ከመቆላቱ በፊት በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል።

እንግዲህ ግማሽ ኪሎ የተፈተገ ገብስ አለን እንበል። መካከለኛ ስፋት ያለው ብረት ምጣድ ከሆነ ሁሉንም በአንዴ አንጨምረውም፤ ሁለት ቦታ እንከፍለዋለን። ምጣዱ ላይ ከአንድ ፍሬ ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ሆኖ መነጠፍ አለበት። ሲከመር ከታች ያለው ይጠቁራል፣ ከላይ ያለው ይታጠናል።

ከሰሉ ፍም እስኪሆን ይጠበቃል። ነበልባል እያለ መጣድ ምጣዱን አንድ ጎን ብቻ ያግለዋል። ምጣዱ መጋሉን ለማወቅ አምስት ስድስት ፍሬ ጣል ያደርጋሉ። ትንሽ ቆይተው መንጣጣት ከጀመሩ ደርሷል። ወዲያው ከጨሱ በዝቷል፤ ምጣዱን አንስቶ ትንሽ መጠበቅ ነው። ዝም ካሉ ደግሞ ገና ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እንዳያርብኝ» ብሎ እሳቱን በማሳነስ ነው። ገብስ ጠንካራ እሳት ይወዳል። ፍሬው ውስጥ ያለው ጥቂት እርጥበት በፍጥነት ወደ እንፋሎት ሲቀየር ፍሬውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ያብጣል፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። ቆሎው አፍ ውስጥ ኩርሽም የሚለው በዚህ ነው። በለሰለሰ እሳት ግን እርጥበቱ ቀስ እያለ ሾልኮ ይወጣና ፍሬው ሳያብጥ ይደርቃል። ቀለሙ ያምራል፣ ጥርስ ግን ይሰብራል።

ጠንካራ እሳት ስላለ እጅ ማረፍ የለበትም። ማማሰያው ከዳር ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ዳር ይሄዳል፤ ከታች ያለው ወደ ላይ እንዲመጣ አድርጎ መገልበጥ እንጂ ዝም ብሎ ማዞር አይበቃም። ስልክ ጠርቶ አንድ ደቂቃ ከጠፋችሁ ውጤቱን ምጣዱ ላይ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ትንሽ እንፋሎት ይወጣል፣ የእርጥብ እህል ሽታ አለው። ከዚያ መንጣጣቱ ይበረታል፣ ሽታውም ወደ ዳቦ ይጠጋል። መንጣጣቱ ረገብ ሲልና ፍሬው ወርቅማ ቡናማ ሲሆን ተቃርቧል። ይሄ ሁሉ እንደ እሳቱ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይፈጃል።

ቀለም ብቻውን ግን ያታልላል። ጥቂት ፍሬ አውጥቶ ማቀዝቀዝና መቆርጠም ይሻላል። ትኩሱን አትፍረዱበት፤ ማንኛውም ቆሎ ትኩስ ሲሆን ለስለስ ይላል። ቀዝቅዞ ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ጥሬ ነው። ለሁለት ሲከፈት ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነም ገና ነው፤ የበሰለው ዱቄት መስሎ ይፈረካከሳል። ደረሰ ሲባል ምጣዱን ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ ብረቱ ሙቀት ይዞ መቁላቱን ይቀጥላል። ወዲያው ሰፌድ ላይ ይገለበጥና የቀረው ገለባ ይበጠራል።

ሽምብራው ሌላ ነው። ድፍን፣ ጠንካራና ልጣጩ ጥብቅ ያለ ስለሆነ ደረቁን ብትቆሉት ውጭው ይጠቁራል እንጂ ሙቀቱ ልቡ ጋ በቀላሉ አይደርስም። ስለዚህ ጨው ባለው ውሃ ጥቂት ሰዓት ይነከራል፣ ይጠነፈፋል፣ ላዩ እስኪደርቅ ጨርቅ ላይ ይሰጣል። እሳቱ መካከለኛ ነው። መጀመሪያ እርጥበቱ ይወጣል፣ ከዚያ ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ጠቃጠቆ ያወጣል። ከ20 ደቂቃ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ምልክቱ ድምፁ ነው፤ ምጣዱን ስታወዛውዙት እርጥቡ ሽምብራ ድፍት ድፍት ይላል፣ የደረሰው ግን እንደ ጠጠር ይንኳኳል።

ለውዝ ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ተቀጥቻለሁ። ፍሬው ምጣድ ላይ እያለ ቡናማ እንዲሆን ስጠብቅ ጎረቤቴ እትዬ «ምን ታፈጥጫለሽ፣ አውጪው እንጂ!» አሉኝ። ትንሽ ይጨመር ብዬ ዘገየሁ። ሲቀዘቅዝ መሃሉ ጥቁር ቡናማ፣ ጣዕሙ እሬት። ለውዝ ግማሹ ገደማ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ሙቀት ስለሚይዝ ከምጣድ ከወጣ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውስጡን ይበስላል። ስለዚህ ለስለስ ባለ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያገላበጡ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ቀዩ ቅርፊት ሲታሽ መላቀቅ ሲጀምርና ፍሬው የክሬም ቀለሙን ለቆ ቢጫ ሲል ይወጣል። የምትፈልጉት ቀለም ሰፌድ ላይ ይመጣል። የሻገተ ወይም የተጨማደደ ፍሬ ግን ከመቁላት በፊት ይለቀም፤ የሻጋታውን መርዝ የምጣድ እሳት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ሦስቱም በደንብ ከቀዘቀዙ በኋላ ይቀላቀላሉ። ገና ሙቅ እያለ ዕቃ ውስጥ የተከደነ ቆሎ በራሱ እንፋሎት ይለዝዛል። ጣና ዳር ደግሞ በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ክፍት ሳህን ላይ ያደረ ቆሎ ጠዋት ላይ ጎማ ይሆናል። የለዘዘው ገብስና ሽምብራ በለስላሳ እሳት ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢታመስ ይመለሳል። ለውዙን ግን መጀመሪያ ቅመሱት፤ የቆየ ዘይት ከሸተተ አብሮ አይታመስም፣ ተለቅሞ ይጣላል።