የዱቄትና የለውዝ ቅቤ ልኬት፦ ከኩባያና ከማንኪያ ወደ ግራም

በአዲስ አበባ መሀል፣ በአራት ኪሎም ሆነ በፒያሳ ባሉ ቤቶች፣ ዱቄት ከሱቅ የሚገዛው በኪሎ ቢሆንም ወጥ ቤት ከገባ በኋላ የሚለካው በኩባያ ነው፤ የለውዝ ቅቤም ከዕቃው የሚወጣው በሾርባ ማንኪያ ነው። በተለምዶ ማክሮ የሚባሉትን ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬትና ቅባት የሚዘረዝሩ የምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ግን፣ በኢትዮጵያ የተዘጋጁትም ጭምር፣ መጠኑን የሚሰጡት በ100 ግራም ነው። ኩባያ የሚለካው ቦታን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ፣ ማክሮ ከመሰላቱ በፊት ልኬቱ ወደ ግራም መለወጥ አለበት፤ ብዙው ስሕተት የሚፈጠረውም በዚህ እርምጃ ላይ ነው።

የዱቄት ችግር በቅንጣቶቹ መካከል ያለው አየር ነው። 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ውስጥ በወንፊት ተነፍቶ ወይም በሹካ ላልቶ፣ በማንኪያ ቀስ ተብሎ የተጨመረና ከአፉ በላይ ያለው በቢላ ጀርባ የተጠረገ ነጭ የስንዴ ዱቄት 120 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ኩባያው በቀጥታ ከረጢቱ ውስጥ ተነክሮ ከተሞላ 145 ግራም ገደማ ይሆናል፤ በማንኪያ ጀርባ ተጠቅጥቆ ከተሞላ ደግሞ 160 ሊደርስ ይችላል። ሦስቱም «አንድ ኩባያ» ይባላሉ። ከመርካቶ በታክሲ ሲንገጫገጭ የመጣ ከረጢት ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ስለሚጠቀጠቅ፣ እቤት እንደደረሰ በኩባያ የተቀዳው ዱቄት በቀጣዩ ቀን በሹካ ላልቶ ከተቀዳው ይከብዳል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ ለአንድ ኩባያ ነጭ ዱቄት 125 ግራም ይሰጣል፤ ይህ ቁጥር የሚያገለግለው ዱቄቱን አላልቶ ለሚቀዳ ሰው ብቻ ነው።

የኩባያው መጠንም ራሱ መታወቅ አለበት፤ የሻይ ብርጭቆም ሆነ የቡና ስኒ 240 ሚሊ ሊትር አይይዝም። ባዶውን ዕቃ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ዜሮ ካደረጉ በኋላ እስከ አፉ ውኃ መሙላት ይበቃል፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ስለሚመዝን፣ ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዕቃው መጠን በሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ ኩባያው ደርቆ፣ ዱቄቱ ዘወትር በሚቀዳበት መንገድ ሦስት ጊዜ ተቀድቶ ይመዘናል፤ አማካዩም የዚያ ቤት የኩባያ ክብደት ሆኖ ይመዘገባል። ከየትኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ ይህን ቁጥር ማመን ይሻላል።

በአራት ኪሎ ያለች አንዲት እናት በ3 ኩባያ ዱቄት ዳቦ ትጋግራለች እንበል። ዱቄቱ ላልቶ ከተቀዳ 360 ግራም ነው፤ ከከረጢቱ በቀጥታ ከተቀዳ 435 ግራም ነው። ነጭ ዱቄት በ100 ግራም 364 ካሎሪ፣ ወደ 76 ግራም ካርቦሃይድሬትና ወደ 10 ግራም ፕሮቲን ስላለው፣ የ75 ግራሙ ልዩነት 273 ካሎሪና 57 ግራም ካርቦሃይድሬት ያህል ነው። ዳቦው ለ12 ቢቆረጥ በእያንዳንዱ ቁራሽ ላይ ወደ 5 ግራም ካርቦሃይድሬት ይጨመራል፤ ለአንድ ቁራሽ ትንሽ ቢመስልም፣ ካርቦሃይድሬት ቆጥሮ ለሚበላ የስኳር ሕመምተኛ ሦስት ቁራሽ ሲሆን ወደ 14 ግራም ይሆናል። ምልክቱ ሊጡ ላይም ይታያል፤ የውኃው መጠን ሳይለወጥ ሊጡ ከወትሮው ከደረቀ ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ተቀድቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የለውዝ ቅቤ ግን እንደ ዱቄት አይጠቀጠቅም፤ በኩባያ ሲለካ ሊኖር የሚችለው ክፍተት ከሥሩ ተይዞ የቀረ አየር ብቻ ነው። አፉ ላይ የተስተካከለ አንድ የሾርባ ማንኪያ 16 ግራም፣ አንድ ኩባያ ደግሞ 258 ግራም ያህል ይይዛል። ስሕተቱ የሚመጣው ከቁልሉ ነው። ሁለት የተስተካከሉ ማንኪያዎች 32 ግራም ሲሆኑ 190 ካሎሪና 16 ግራም ቅባት ያህል አላቸው፤ ሁለት ቁልል ማንኪያዎች 50 ግራም ቢመዝኑ ወደ 295 ካሎሪና 25 ግራም ቅባት ይሆናሉ። ዱቄት ላይ የሚፈጠረው ልዩነት ለብዙ ቁራሽ ሲከፋፈል፣ ይህኛው በአንድ ሰው ቁርስ ላይ በሙሉ ያርፋል።

የለውዝ ቅቤ ማንኪያ ላይ ስለሚጣበቅ የሚሻለው ዕቃውን መመዘን ነው። ክዳኑን ከፍተው ዕቃውን ሚዛን ላይ ያስቀምጡና ዜሮ ያድርጉት፤ የሚፈልጉትን ያህል ሲያወጡ ሚዛኑ ከዜሮ በታች፣ ለምሳሌ -32 ያሳያል፤ የወጣው ልክ ያን ያህል ነው። ማንኪያው ላይ የቀረው የሚበላ ካልሆነ ከማንበብዎ በፊት ወደ ዕቃው ይመለስ። ዘይቱ ከላይ የተንሳፈፈበት የለውዝ ቅቤ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ እስከ ሥሩ መማሰል አለበት፤ ካልተማሰለ ከላይ የሚወጣው ማንኪያ ከሠንጠረዡ የበለጠ ቅባት ይኖረዋል፤ ሥር የቀረው ግን ደረቅና ፕሮቲኑ የበዛ ይሆናል፤ ግራሙ በትክክል ቢለካም ማክሮው የተሳሳተ ይሆናል።