400 ቤት ጠይቆ ስለ ደሴ መናገር፦ ኮንፊደንስ ኢንተርቫልና ማርጂን ኦፍ ኤረር

ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ማለት ከጥቂት ሰው የተሰበሰበ ፐርሰንት ስለ ጠቅላላው ህዝብ ሲነገር ትክክለኛው ቁጥር ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል የሚነግረን ክልል ነው፣ ማርጂን ኦፍ ኤረር የሚሉት ደግሞ የክልሉ ግማሽ ነው፣ ከመሀል ወደ ላይም ወደ ታችም የምንሄደው ያህል ማለት ነው።

በደሴ እንየው። "ባለፈው ሳምንት ቧንቧችሁ ውሃ መጥቷል ወይ?" ተብሎ ከከተማው 400 ቤት በዕጣ ተመርጦ ተጠየቀ እንበል (ቁጥሩ ለስሌት ብቻ የተቀመጠ ነው)፣ 240ዎቹ መጥቷል አሉ፣ ስለዚህ 60 ፐርሰንት። ግን ሌላ 400 ቤት ዕጣው ቢደርሰው ኖሮ 57 ወይ 63 ሊመጣ ይችል ነበር፣ ይሄንን ልዩነት ነው ፎርሙላው የሚለካው፦

p ± 1.96 × √(p(1−p)/n)

p የተገኘው ድርሻ ነው፣ n የተጠየቀው ብዛት። 0.6 በ0.4 ሲባዛ 0.24፣ ለ400 ሲካፈል 0.0006፣ ስኩዌር ሩቱ ወደ 0.0245፣ በ1.96 ሲባዛ 0.048 ይመጣል። ስለዚህ ውሃ ያገኘው ከ55.2 እስከ 64.8 ፐርሰንት ነው እንላለን። 1.96 የመጣው 95 ፐርሰንት እርግጠኝነት ስለፈለግን ነው፣ ትርጉሙም ይሄው ዕጣ በተመሳሳይ መንገድ ደጋግሞ ቢወጣና በየጊዜው ክልሉ ቢሰላ ከ100ው ክልል ወደ 95ቱ እውነተኛውን ቁጥር ይይዛል ነው፣ የኛ ክልል ከያዙት ይሁን ከሳቱት ግን ከዚህ አንድ ሰርቬይ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ሳምፕሉ ብዛት። n ስኩዌር ሩት ውስጥ ስላለ ሰው በእጥፍ ስንጨምር ስህተቱ በግማሽ አይቀንስም፣ በግማሽ እንዲቀንስ አራት እጥፍ መጠየቅ አለብን። በዚሁ 60 ፐርሰንት 100 ቤት ብንጠይቅ ማርጂኑ 9.6 ነው፣ 400 ላይ 4.8፣ 1600 ላይ 2.4። ከ100 ወደ 400 ለመሄድ 300 ቤት ጨምረን ወደ 5 ፐርሰንት ነጥብ አተረፍን፣ ከ400 ወደ 1600 ለመሄድ ግን 1200 ቤት ጨምረን ያተረፍነው 2.4 ብቻ ነው፣ የጠያቂው አበልና ትራንስፖርት ደግሞ በቤት ቁጥር ልክ ነው የሚጨምረው፣ ለዛ ነው ብዙ ሰርቬይ ከ400 እስከ 1500 ባለው ላይ የሚቆመው።

ብዙ ሰው የማይዋጥለት ነገር ደግሞ የህዝቡ ብዛት ፎርሙላው ውስጥ አለመኖሩ ነው። 400 ቤት ለደሴ ብቻም ይሁን ለመላው ወሎ፣ ከራያ ቆቦ እስከ ቦረና፣ በትክክል በዕጣ እስከተመረጠ ድረስ ማርጂኑ ያው 4.8 አካባቢ ነው። ልዩነት የሚመጣው ከጠቅላላው ብዙውን ድርሻ ስንጠይቅ ነው፣ ለምሳሌ 1000 ቤት ባለው አንድ የገጠር ቀበሌ 400ውን ብንጠይቅ ወደ 3.7 ይወርዳል ምክንያቱም ሳይጠየቅ የቀረው ትንሽ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ለመላው ወሎ 400 የጠየቀ ሰው ከዛ ውስጥ ስለ ኮምቦልቻ ብቻ ልንገራችሁ ካለ እዛ የደረሰው 40 ቤት ቢሆን ማርጂኑ 15 ፐርሰንት ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ ከተማ የየራሱ n ነው የሚቆጠረው።

እኔ በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሰው የሚመረጥበት መንገድ ነው። በተግባር 400 ቤት በየቦታው ተበታትኖ አይፈለግም፣ አድካሚ ነው፣ 20 ሰፈር ተመርጦ በየሰፈሩ 20 ቤት ይጠየቃል። ውሃ ደግሞ በመስመር ነው የሚመጣው፣ ሆጤ አንዱ ግቢ ከመጣ ጎረቤቱም ጋ መምጣቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ሃያኛው ጎረቤት ብዙ አዲስ ነገር አይነግረንም። ይሄን የሚያስተካክለው ዲዛይን ኢፌክት ይባላል፣ 1+(m−1)ρ ነው፣ m በአንድ ሰፈር የተጠየቀው ቤት፣ ρ ደግሞ የጎረቤታሞች መልስ መመሳሰል። ρ 0.1 ብቻ ቢሆን እንኳ 1+19×0.1 = 2.9 ይሆናል፣ 400ውን ለ2.9 ስናካፍል 138 ገደማ ቤት በዕጣ የጠየቅን ያህል ነው፣ ማርጂኑም ከ4.8 ወደ 8.2 ያድጋል። ሪፖርት ላይ "400 ሰው፣ ስህተቱ 4.8" ተብሎ ብቻ ከተጻፈና ስንት ሰፈር እንደተኬደ ካልተነገረ ምናልባት ይሄ አልተሰላም። መፍትሄው ያው 400 ሆኖ ሰፈሩን ማብዛት ነው፣ 80 ሰፈር በየሰፈሩ 5 ቤት ቢሆን ዲዛይን ኢፌክቱ 1.4 ብቻ ነው፣ ማርጂኑም 5.7 ላይ ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የሚቀር ስህተት አለ። ስለ ባቲ ወረዳ ነዋሪ ለማወቅ ሰኞ ገበያው ላይ ቆሞ ያገኙትን መጠየቅ ቀላል ነው፣ ግን እዛ የምታገኙት የሚሸጥ ያለውን፣ መንገዱ የሚችለውን፣ ከሌላ ወረዳም የመጣውን ነው፣ ቤት የቀሩት አቅመ ደካሞችና አራሶች የሉበትም። እዛ ላይ 5000 ሰው ብትጠይቁ ማርጂኑ 1.4 ይላችኋል፣ የ1.4 ጠባብ ክልል ግን የገበያተኛው እንጂ የወረዳው ነዋሪ አይደለም፣ ሰው በጨመራችሁ ቁጥርም ክልሉ ይበልጥ እየጠበበ የሚሄደው በተሳሳተው ቁጥር ዙሪያ ነው።