ማይንስዊፐር ላይ ሁለት ቁጥር ማቀናነስ ምንድን ነው?

ማይንስዊፐርን የማያውቅ ሰው ትንሽ ነው፣ ድሮ ዊንዶውስ ላይ አብሮ ይመጣ የነበረው ግራጫ ሳጥኖች ያሉት ጌም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ከወጣው ዊንዶውስ 3.1 ጀምሮ ለብዙ ዓመት ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኢንተርኔት የሌለው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያልነካካው የለም። ግን ብዙ ሰው የእድል ጨዋታ ይመስለዋል፣ ይከፍታል ይከፍታል ከዛ ይፈነዳል፣ አለቀ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ነበር የምጫወተው፣ ጨዋታው የተገለጠልኝ አንዱን ቁጥር ከጎኑ ካለው ቁጥር ጋር ማቀናነስ የጀመርኩ ቀን ነው። እሱን ነው ዛሬ ማስረዳት የፈለግኩት።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። የተከፈተ ሳጥን ላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በዙሪያዬ ካሉት ሳጥኖች (ላይ ታች ግራ ቀኝ እና ጥግ ለጥግ፣ ቢበዛ 8 ናቸው) ስንቶቹ ፈንጂ አላቸው የሚለውን። ስለዚህ 1 የሚል ቁጥር አጠገቡ ያልተከፈተ አንድ ሳጥን ብቻ ካለ እሱ ፈንጂ ነው፣ የአንድ 1 ፈንጂ በሌላ ቁጥር በኩል ከታወቀ ደግሞ በዛ 1 ዙሪያ የቀሩት በሙሉ ሰላም ናቸው። ይሄን ሁሉም ሰው በራሱ ይደርስበታል። ችግሩ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ብቻ ካየሃቸው ትንሽ ሄደህ ትቆማለህ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው "ከነዚህ ሶስቱ አንዱ ነው" ብቻ ይልሃል፣ የትኛው እንደሆነ አይልህም። እዚህ ጋር ነው ሰው መገመት የሚጀምረው፣ መገመት ሳያስፈልገው።

እስቲ ይሄን እዩት። የቦርዱ ግራ ጠርዝ ላይ ነን፣ ከ ሀ በስተግራ ምንም የለም። ላይኛው መስመር ያልተከፈቱት ናቸው፣ ስም እንዲኖራቸው ፊደል ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሁለቱም መስመሮች ወደ ቀኝ ይቀጥላሉ፣ የቁጥሮቹ መስመርና ከሱ በታች ያለው ሁሉ ተከፍቶ አልቋል።

```
ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ
1 1 2 1 1 1
```

የመጀመሪያው 1 (ከ ሀ ስር ያለው) ጠርዝ ላይ ስለሆነ የሚነካው ሀ እና ለ ብቻ ነው። ከሁለቱ በአንዱ ፈንጂ አለ፣ የትኛው እንደሆነ አናውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገንም። ሁለተኛው 1 የሚነካው ሀ፣ ለ እና ሐ ን ነው። አሁን አቀናንሱ። ሁለተኛው የሚፈልገው አንድ ፈንጂ ብቻ ነው፣ ያ አንዱ ደግሞ ሀ ወይ ለ ውስጥ እንዳለ የመጀመሪያው ነግሮናል፣ ስለዚህ ሐ ውስጥ የሚገባ ፈንጂ አይተርፍም። ሐ ሰላም ነው፣ ክፈቱት። ፈንጂው የት እንዳለ ሳናውቅ የት እንደሌለ አወቅን፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይፈታል። 2ቱ የሚነካው ለ፣ ሐ እና መ ን ነው፣ ሐ ባዶ ከሆነ ሁለት ፈንጂ የሚገባው የቀሩት ሁለት ውስጥ ነው፣ ለ እና መ የግድ ፈንጂ ናቸው። ለ ፈንጂ ከሆነ የመጀመሪያው 1 ጠገበ፣ ሀ ሰላም ነው። ከ መ ስር ያለው 1 ደግሞ በ መ ጠግቧል፣ ስለዚህ ሠ ሰላም። ከ ሠ ስር ያለው 1 መን ይነካል፣ እሱም ጠገበ፣ ረ ሰላም። የመጨረሻው 1 የሚነካቸው ሠ እና ረ ባዶ ሆነውበታል፣ ስለዚህ የሱ ፈንጂ ከ ረ ቀጥሎ ያለው ሳጥን ነው። አንድም ግምት አልገባበትም።

ጠርዝ ባይኖርስ? ያኔም ይሄው ቦርድ በሌላ በር ይከፈታል። ከ ለ ስር ያለውን 1 እና ከ ሐ ስር ያለውን 2 ብቻ ውሰዱ። የጋራቸው ለ እና ሐ ነው። 1ዱ እነዚህ ውስጥ ከአንድ በላይ ፈንጂ እንዲኖር አይፈቅድም፣ 2ቱ ደግሞ ሁለት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ከ መ ውጪ የሚያገኝበት ቦታ የለውም። መ ፈንጂ ነው። ከዛ በተጨማሪ አንዱ ፈንጂ የጋራው ውስጥ መሆኑ ስለተረጋገጠ 1ዱ እዛው ጠግቧል ማለት ነው፣ የሱ ብቻ የነበረው ሀ ሰላም ነው። በቀኝ በኩል ካለው 1 ጋርም ይሄንኑ ብታደርጉ ለ ፈንጂ፣ ሠ ሰላም ይወጣላችኋል። ለዚህ ነው ቀጥ ያለ ያልተከፈቱ ሳጥኖች ግድግዳ ላይ 1-2-1 ሲታይ የለመደ ሰው ሳያስብ ፈንጂ ማመልከቻውን ባንዲራ ከሁለቱ 1ዶች ፊት ለፊት የሚተክለው፣ መሀሉን ደግሞ የሚከፍተው።

አሁን ሰው የሚፈነዳበትን ልንገራችሁ፣ እኔም በዚህ ብዙ ጨዋታ አጥቻለሁ። የ1-1ን ነገር በቃሉ ይይዝና ጠርዝ በሌለበትም ይጠቀምበታል። 2ቱን ትተን ሁለቱን 1ዶች ብቻ ብንወስድ፣ ከ ሀ በስተግራ ሌላ ያልተከፈተ ሳጥን ቢኖር የመጀመሪያው 1 ፈንጂውን እዛ ሊያገኝ ይችላል፣ ያኔ ሀ እና ለ ባዶ ሆነው ሐ ፈንጂ መሆን ይችላል፣ ድምዳሜው ይፈርሳል። ማጣራቱ ቀላል ነው፣ የመጀመሪያው ቁጥር የሚነካቸው ያልተከፈቱ ሳጥኖች በሙሉ ሁለተኛውም የሚነካቸው መሆን አለባቸው፣ አንድ እንኳን ከዛ ውጪ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። ሌላው ደግሞ ቁጥሩን እንደተጻፈ አታንብቡት፣ የታወቀ ፈንጂ አጠገቡ ካለ መጀመሪያ ቀንሱለት። 3 የተጻፈበት ሳጥን አንድ ባንዲራ ከነካ ለናንተ 2 ነው፣ ስለዚህ 2-3-2 የሚመስለው ነገር አንድ ባንዲራ ሶስቱንም ቁጥር ከነካ 1-2-1 ሆኖ ይገኛል። ባንዲራው ግን እርግጠኛ የሆናችሁበት ይሁን፣ በግምት ከተተከለ ከሱ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ይበላሻል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የማይፈታ ቦታ አለ። ትልቁ ደረጃ 30 በ16 ሆኖ 99 ፈንጂ አለው፣ እዛ ላይ ብዙ ጊዜ ጥግ ውስጥ ሁለት ሳጥን ይቀርና አንዱን የሚነካው ቁጥር ሁሉ ሌላውንም ይነካል፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ ቁጥር ከሌለ ማቀናነስ አይሠራም፣ ግማሽ በግማሽ ነው። እንደዛ አይነት ቦታ እርግጠኛ ሆናችሁ ካያችሁ ለመጨረሻ አታቆዩት፣ ሌላው ቦታ መከፈቱ ምንም አዲስ ነገር ስለማይነግራችሁ ያኔውኑ ገምቱ፣ ከፈነዳም ሃያ ደቂቃ ሳትለፉ ይፈንዳ። ከዛ በፊት ግን ላይ ያለውን የፈንጂ ቆጣሪ እዩት። ሁለት አማራጭ ኖሮ አንደኛው አንድ ፈንጂ፣ ሌላኛው ሁለት ፈንጂ የሚፈልግ ከሆነ፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ሲያልቅ ቆጣሪው የቀረውን ስለሚያሳይ የቱ እንደሆነ ይለይላችኋል፣ ቆጣሪው የሚቀንሰው ግን የተከላችሁትን ባንዲራ ቆጥሮ ነው እንጂ ትክክል መሆኑን አይቶ አይደለም።