አክሲዮኑን በጥልቅ የግዢ ኦፕሽን መተካት

የግዢ ኦፕሽን አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፤ ይህ ዋጋ ከአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ በጣም ዝቅ ሲል ኦፕሽኑ ጥልቅ ይባላል። አንድ አክሲዮን 100 ዶላር ቢሆን፣ መቶውን ለመግዛት 10,000 ዶላር ያስፈልጋል። በ70 ዶላር የመግዛት መብት የሚሰጥና 18 ወር የሚቆይ ኦፕሽን ግን ለአንድ አክሲዮን 36 ዶላር ቢያወጣ፣ መቶውን የሚሸፍነው ውል 3,600 ይሆናል። 6,400 ዶላር እጃችን ላይ ይቀራል።

ከ36ቱ ውስጥ 30ው፣ ማለትም የ100 እና የ70 ልዩነት፣ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ 6ቱ የጊዜ ዋጋ ሲሆን ቀስ በቀስ ይተናል። ስለዚህ በማብቂያው ቀን ያለ ኪሳራ ለመውጣት አክሲዮኑ 106 መድረስ አለበት። በመሃል የሚከፈል የትርፍ ድርሻም ለእኛ አይደርስም።

ዴልታ አክሲዮኑ በ1 ዶላር ሲንቀሳቀስ ኦፕሽኑ በስንት እንደሚንቀሳቀስ ይነግረናል። እኔ ከ0.80 በታች አልወርድም፤ ዴልታው 0.60 የሆነው ኦፕሽን ርካሽ ቢመስልም አብዛኛው ክፍያ የጊዜ ዋጋ ስለሚሆን አክሲዮኑን አይተካም።

ትልቁ ስህተት በተረፈው 6,400 ተጨማሪ ውል መግዛት ነው። በማብቂያው ቀን አክሲዮኑ 70 ላይ ቢገኝ ባለአክሲዮኑ 30 በመቶ ይከስራል፤ የኦፕሽኑ ባለቤት የከፈለውን በሙሉ ያጣል። የተረፈው ገንዘብ ወለድ በሚያስገኝ አስተማማኝ ቦታ ከተቀመጠ ግን ኪሳራው 3,600 ላይ ይቆማል፤ ወለዱም ከጊዜ ዋጋው የተወሰነውን ይመልሳል።