ተደጋጋሚ የቶንሲል ሕመም ምንድን ነው? ማስወጣትስ መቼ ያዋጣል?

“ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቶንሲሏን ነው፤ አውጥታችሁ ገላግሏት።” የጉሮሮ ሐኪም ለዚህ ልመና የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ “ስንት ጊዜ ታመመች?” የሚል ነው። ተደጋጋሚ የሚባለው በቁጥር ነውና። በአንድ ዓመት ቢያንስ 7 ጊዜ፣ ወይም ለሁለት ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ የታመመ ልጅ ለቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

ሁሉም የጉሮሮ ሕመም ግን አይቆጠርም። ከሕመሙ ጋር ከ38.3 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ያበጠ የአንገት ዕጢ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል፣ ወይም የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ መኖሩን ያሳየ ምርመራ፣ ከነዚህ አንዱ በካርድ ላይ ሊሰፍር ይገባል።

ጅማ ከተማ ሄርማታ ሰፈር የምትኖር የስድስት ዓመት ልጅ እናት በዓመቱ ዘጠኝ ጊዜ ታመመችብኝ አለች እንበል። ሐኪሙ አንድ በአንድ ሲጠይቅ አራቱ ንፍጥና ሳል የነበረባቸው፣ ትኩሳት ያልነበራቸው ጉንፋኖች ሆነው ይገኛሉ። ሁለቱን እናትየው ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝታ ያሳለፈቻቸው ናቸው፤ የልጅቷን ጉሮሮ ያየ ሰው የለም። ትኩሳትና መግል ተብሎ የተጻፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪሙ እናትየውን አላመናትም ማለት አይደለም፤ ግን ለአሁኑ አይቆርጥም። በሚቀጥሉት 12 ወራት ልጅቷ በታመመች ቁጥር ጤና ጣቢያ ወስዳ እንድታስመረምርና እንድታስጽፍ ይነግራታል።

መጠበቁ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከአሜሪካዋ ፒትስበርግ የወጣ ጥናት፣ በጣም የሚታመሙ ልጆች ቶንሲላቸው ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ሕመሙ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ሆኖም ካልተቆረጡትም ብዙዎቹ እያደር ተሽሏቸዋል። ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚታመም ልጅ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ሕመሙና የመድማት አደጋው ግን ያው ነው።

ቁጥሩን ባያሟሉም ለቀዶ ሕክምና የሚታሰቡ አሉ፦ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል የቋጠረ እብጠት የተደጋገመበት፣ ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ የማይስማማው፣ ተኝቶ እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ። ቶንሲሉ ለልብ ሕመም ይዳርጋል የሚለው ፍርሃት ግን ሌላ ነገር ነው። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ቶንሲሉ ወጣለት ተብሎ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ አይቀርለትም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ቶንሲሉን እንኳ አይነካውም፤ ለመድማትና ለመመረዝ ብቻ ያጋልጣል።

ቀዶ ሕክምናው ከተወሰነ ወላጅ በተለይ ሊያውቀው የሚገባው ከቀናት በኋላ ዘግይቶ የሚመጣው ሁለተኛው መድማት ነው። ቁስሉ ላይ የተጋገረው ሽፋን ሲላቀቅ፣ ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከአጋሮ መጥቶ ጅማ ያሳከመ ቤተሰብ ልጁ ደህና ሆነ ብሎ ወዲያው ከመመለሱ በፊት፣ ሌሊት ደም ቢተፋ በምን መኪና እንደሚያመጣው አስቀድሞ ይነጋገር።