«ልጄ ፊደል ጨርሷል» እና ሌሎች ፊደል ስናስተምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ልጄ ፊደል ጨርሷል። ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳይስት ይወጣዋል።»

ይህን የማይለኝ ወላጅ የለም ማለት ይቻላል፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ገበታው ላይ «ቤ»ን ስጠቁመው ምን እንደሚሆን አስቀድሜ አውቃለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይሮጣል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ... «ቤ!» ይላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ልጁ አላነበበም፣ ቆጠረ። ያንኑ ፊደል ብጣሽ ወረቀት ላይ ለብቻው ጽፌ ሳሳየው መነሻ ስለሌለው ይገምታል።

ሀሁ ዜማ አለው። ልጆች ቀድመው የሚይዙት ዜማውን ነው። አፋቸው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ዓይናቸው ቅርጹን የማየት ግዴታ የለበትም። ቃል ውስጥ ግን ፊደል በተራ አይመጣም። «ሰማ» ሲጻፍ ከሰ ቀጥሎ ሱ የለም።

የቀድሞ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት በከንቱ አይደለም። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፦ የአ ግዕዝ፣ የበ ካዕብ፣ የገ ሣልስ እያለ በየፊደሉ ቤቱም ድምፁም ይቀየራል። የለመዱት ዜማ ይሰበራል፤ ተማሪው ቅርጹን ለማየት ይገደዳል። እኛ ሀሁን ይዘን አቡጊዳውን ጣልነው። አቡጊዳም ቢሆን ደጋግመው ካሉት በቃል ይያዛል፤ ስለዚህ እኔ ቶሎ ወደ ቃል መግባትን እመርጣለሁ።

የማደርገው እንዲህ ነው። ገበታውን አነሳለሁ። በአራት ቤቶች ብቻ እጀምራለሁ፦ ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ። ከእነሱም ሰባቱን ሁሉ አልወስድም። መጀመሪያ ግዕዙን፣ ቀጥሎ ራብዑን፣ ቀጥሎ ሳድሱን ብቻ። ሳድስን የማስቀድመው አብዛኛው የአማርኛ ቃል ያለ እሱ ስለማይጻፍ ነው። ይህ በድምሩ 12 ፊደል ነው፦ ለ ላ ል፣ መ ማ ም፣ ሰ ሳ ስ፣ በ ባ ብ። በእነዚህ ብቻ ላም፣ ሰላም፣ ምሳ፣ ምላስ፣ መልስ፣ ልብስ፣ በላ፣ ሰማ ይጻፋል። ዓረፍተ ነገርም ይወጣል፦ «ለማ ምሳ በላ።» «ለማ ልብስ ለበሰ።» ገና 12 ፊደል ያወቀ ሰው ዓረፍተ ነገር ያነባል።

ከዚያ የሚመሳሰሉ ቃላትን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ሰም እና ስም። ሰማ እና ሳመ። በላ፣ ብላ፣ ባለ። ተማሪው «ሰማ»ን «ሳመ» ብሎ ካነበበ ችግሩ የት እንዳለ ወዲያው ይታወቃል፦ የሰን እና የመን ቤት ለይቷል፣ ድምፁን የሚቀይረውን እግር ግን አላየም። ያኔ አዲስ ፊደል መጨመር አቆማለሁ። ሁለቱን ቃላት ጽፎ በየትኛው ፊደል ላይ እግሩ እንደረዘመ በጣቱ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ።

ልጅዎ ማንበቡን ማወቅ ከፈለጉ ገበታውን ይደብቁ። አሥር ያህል ፊደላት አዘበራርቀው ይጻፉና አንድ በአንድ ይጠይቁት። መልሱን ብቻ ሳይሆን ከንፈሩንም ይመልከቱ። ከንፈሩ በዝምታ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ገና እየቆጠረ ነው።

«ከ200 በላይ ቅርጽ ነው፤ ከመሸምደድ ሌላ መንገድ የለውም።»

33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን አብዛኛው ቅርጽ የሚጠበቅ ነው። በን እንውሰድ። ካዕቡ ቡ ጎኑ ላይ በስተቀኝ ጭረት አለው። ሣልሱ ቢ ጭረቱ ወደ ቀኝ እግሩ ጫፍ ወረደ። ኃምሱ ቤ እዚያው እግር ላይ ቀለበት አደረገ። ለ እና ሰም እንዲሁ ናቸው። ይህን በእነሱ ላይ ያየ ተማሪ ደን ስሰጠው ዱን፣ ዲን፣ ዴን ራሱ ጽፎ ያመጣልኛል።

ደንቡን የሚያፈርሱም አሉ። ሩ እና ሪ፣ ፉ እና ፊ እንደሌሎቹ አይደሉም፤ ስለዚህ ረን እና ፈን ወደ ኋላ አቆያቸዋለሁ። ሳድስ ደግሞ ወጥ ምልክት የለውም። ል፣ ስ፣ ብ፣ ት፣ ን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መታወቅ አለባቸው። መሸምደድ ካለ ጉልበቱ እዚህ ይዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ባ እና ቦ ላይ ነው፤ ሳ እና ሶ፣ ዳ እና ዶም ያው ናቸው። ቀኝ እግሩ ከረዘመ ራብዕ፣ ግራ እግሩ ከረዘመ ሳብዕ ነው። አንዲት ትልቅ ሰው ተማሪዬ ሶን ሁልጊዜ ሳ ብላ ታነብ ነበር። ድምፁን ደጋግሜ ብነግራት ምንም አልረዳትም። «ረጅሙ እግር በየት በኩል ነው?» ብዬ በእስክሪብቶ ላዩ ላይ እንድታሰምር ሳደርግ ነው የለየችው። ሁለቱን በአንድ ቀን አያስተምሩ። ራብዑ በደንብ ከገባ በኋላ ሳብዑ ይምጣ።

«መጀመሪያ ሀ ነዋ! ሌላ በምን ይጀመራል?»

በሀ አልጀምርም፤ በአም አልጀምርም። ለ እና ላ ድምፃቸው ይለያያል፤ በ እና ባም እንዲሁ። ሀ እና ሃ ግን አንድ ዓይነት ይነበባሉ፣ አ እና ኣም እንዲሁ። ጀማሪው ግዕዝና ራብዕ ልዩነት እንዳላቸው የሚማረው ልዩነት በሌለበት መስመር ላይ ከሆነ ይደናገራል። የሀ ቤት ከስድስት ሰባት ቤት በኋላ ይምጣ። ያኔ «ይሄ ለየት ይላል» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

«አማርኛ እንደተጻፈ ነው የሚነበበው።»

ሙሉ በሙሉ አይደለም። «ልብስ» ውስጥ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ ድምፅ የሚሰማው ግን ል ላይ ብቻ ነው፣ ብ እና ስ ተያይዘው ይዘጋሉ። ቋንቋውን የሚናገር ልጅ መጀመሪያ ሦስቱን እየቆራረጠ ይላቸዋል። ቀስ በቀስ ሲያፈጥናቸው የሚያውቀው ቃል ይመጣለታል። አይቸኩሉበት፤ ቃሉን ቀድመው አይንገሩት።

መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። «አለ» ተናገረ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ይገኛል ማለትም ሊሆን ይችላል። «ገና» በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፣ «ገና ነው» ስንል ይላላል። አማርኛ የማይናገር ጀማሪ ይህን ከፊደሉ ሊያውቅ አይችልም። ለእሱ አዲስ ቃል ሁሉ በጽሑፍ ከመምጣቱ በፊት በጆሮ ይሰማ።

«ሰን ከሠ፣ ሀን ከሐ እና ከኀ ሳይለይ እንዴት ያነባል?»

ለማንበብ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ማወቅ ይበቃዋል፤ የትኛው የት እንደሚጻፍ በኋላ ይማረዋል።

«ሏ፣ ቧ፣ ሟ የት ይግቡ?»

መጨረሻ ላይ፣ ቃል ውስጥ ሲያጋጥሙ። «በልቷል» ሲመጣ ቷን ያሳዩት፤ ለብቻዋ አታስቸግርም።